ከ10 ጥያቄ 4 ሳትኩ፦ ነጠላ፣ ድርብ፣ ውስብስብ፣ ድርብ ውስብስብ… አቆጣጠሬ የቱ ጋ ነው የሚበላሸው?

ትንሿ ተፈታኝ

ሰላም ለሁላችሁም። የሰዋስው መልመጃ ስሠራ «ዓረፍተ ነገሩ ነጠላ፣ ድርብ፣ ውስብስብ ወይስ ድርብ ውስብስብ ነው?» የሚለው ክፍል ላይ ሁልጊዜ ነጥብ እጥላለሁ። ደንቡ አልጠፋኝም። ራሱን የቻለ ሐረግ አንድ ብቻ ካለ ነጠላ፤ ራሳቸውን የቻሉ ሁለት ካሉ ድርብ፤ ራሱን የቻለ አንድ ሆኖ ጥገኛ ከታከለበት ውስብስብ፤ ራሳቸውን የቻሉ ሁለት ሆነው ጥገኛም ካለ ድርብ ውስብስብ። ይህን እንቅልፌን እየተኛሁ ብትጠይቁኝ እመልሳለሁ። የማልችለው መቁጠሩን ነው። ትናንት የሳትኳቸው እነዚህ ናቸው፦

1. ልጁ መብራቱን አጥፍቶ ተኛ። (እኔ ድርብ አልኩ፤ መልሱ ውስብስብ ይላል።)

2. የተሰበረውን ወንበር የጠገነው ሰውዬ ትናንት መጣ። (ድርብ ውስብስብ አልኩ፤ መልሱ ውስብስብ።)

3. አስቴር ቁልፏ ስለጠፋባት በሩን አንኳኳችና እናቷ ከፈተችላት። (ውስብስብ አልኩ፤ መልሱ ድርብ ውስብስብ።)

4. ወንድሜ መጽሐፉን አንብቦ ጨረሰ። (ድርብ አልኩ፤ መልሱ ነጠላ!)

በተለይ 1ኛውና 4ኛው አናደዱኝ። «አጥፍቶ ተኛ» እና «አንብቦ ጨረሰ» አሠራራቸው አንድ አይደለም እንዴ? አንዱ ውስብስብ፣ ሌላው ነጠላ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

ቆጣሪው

ወንድሜ፣ ይህ እኮ ቀላል ነው። ግሶቹን ቁጠር፣ ከዚያ አያያዡን እይ። ግስ አንድ ከሆነ ነጠላ ነው። ሁለት ከሆነና «ና»፣ «ግን»፣ «ወይም» ካለበት ድርብ ነው። «ስለ»፣ «ስ»፣ «ከ»፣ «እንደ» ካለበት ውስብስብ ነው። ሁለቱም ዓይነት አያያዥ ካለበት ድርብ ውስብስብ። 3ኛው ላይ «ስለ»ም «ና»ም አለ፣ ስለዚህ መልሱ ትክክል ነው። 1ኛው ላይ ግን የመልስ ቁልፉ ተሳስቷል ባይ ነኝ። የበታችነት የሚያሳይ ምንም ነገር የለበትም፤ «መብራቱን አጠፋና ተኛ» ማለት ነው። ድርብ ብለህ ትክክል ነበርክ።

ትንሿ ተፈታኝ

እህት ነኝ :) አመሰግናለሁ። በአንተ ዘዴ አንድ ሌላ ልሞክር ብዬ «ስለደከመኝና ስለመሸ ተኛሁ» የሚለውን ወሰድኩ። «ስለ» አለ፣ «ና» አለ። ስለዚህ ድርብ ውስብስብ ልበል? የመልስ ወረቀቱ ግን ውስብስብ ነው የሚለው።

የደጅ ተማሪ

ዓረፍተ ነገር የጥያቄ ምልክት ካለው መጠይቃዊ፣ ቃለ አጋኖ ካለው ደግሞ ትእዛዛዊ ወይም አጋኗዊ ይሆናል። ሌላው ሁሉ ሐተታዊ ነው። መጨረሻ ላይ ያለውን ሥርዓተ ነጥብ ብታይ አትሳሳቺም።

ትንሿ ተፈታኝ

@የደጅ ተማሪ እሱ በአገልግሎት ሲከፈል ነው። እኔ የጠየቅኩት በመዋቅር ያለውን ነው። «መብራቱን አጥፍተህ ተኛ!» ትእዛዝም ነው፣ ውስብስብም ነው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ውስብስብ ነው የሚለውን ካመንኩ ነው እንግዲህ።

ቀይ እስክሪብቶ

ለረጅም ጊዜ ይህንኑ ስላስተማርኩ ጣልቃ ልግባ። በመጀመሪያ ስለ አንድ ቃል፦ «ሐረግ» ሲባል አንዳንዱ ግስ የሌለውንም ስብስብ ያስባል፣ «ትልቁ ቀይ ቤት» ዓይነቱን። እኔ እዚህ የምቆጥረው ግስ ያለውን ብቻ ነው።

ቆጣሪው ግሶችን ቁጠሪ ማለቱ መልካም መነሻ ነው። ያሳሳተው አያያዡን እንደ ማኅተም ማየቱ ነው። «ና» የምታገናኘው በግራና በቀኟ ያለውን ብቻ ነው። ሁለት ስም ብታገናኝ («አስቴርና ወንድሟ መጡ») ዓረፍተ ነገሩ ነጠላ እንደሆነ ይቀራል። ሁለት ጥገኞች ብታገናኝም ሁለት ጥገኞች ናቸው። «ስለደከመኝና ስለመሸ» ላይ የሆነው ይኸው ነው፤ ራሱን የቻለው «ተኛሁ» ብቻ ነው። 1 ራሱን የቻለ፣ 2 ጥገኛ፤ ውስብስብ።

እኔ ተማሪዎቼን ከኋላ ጀምሩ እላቸዋለሁ። የአማርኛ ዋና ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ስለዚህ የመጨረሻው ግስ ያለ ምርመራ ራሱን የቻለ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ ወደ ግራ እየሄድሽ እያንዳንዱን ግስ ትመረምሪያለሽ። ግሱ ጫፍ ላይ «ና» ካለች አንሺያት፣ አራት ነጥብ አድርጊና ጮክ ብለሽ አንብቢው። የሚቆም ከሆነ ራሱን የቻለ ነው፤ «እሺ፣ ከዚያስ?» የሚያሰኝ ከሆነ ጥገኛ ነው።

3ኛውን እንሥራው። የመጨረሻው «ከፈተችላት» ነው፤ 1 ራሱን የቻለ። ወደ ግራ «አንኳኳችና»። «ና»ን አነሳን፦ «በሩን አንኳኳች።» ይቆማል፤ 2 ሆነ። ወደ ግራ «ስለጠፋባት»፦ «ቁልፏ ስለጠፋባት።» አይቆምም፤ 1 ጥገኛ። ድምሩ 2 ራሳቸውን የቻሉና 1 ጥገኛ ነው፤ ድርብ ውስብስብ። አንቺ ውስብስብ ያልሽው «ስለ»ን አይተሽ እዚያው ስላቆምሽ ይመስለኛል።

2ኛው ላይ ያለው ስሕተት ሌላ ነው። «የተሰበረውን»፣ «የጠገነው»፣ «መጣ» ብለሽ 3 ግስ አገኘሽ፤ 3 ሲበዛብሽ ትልቁን ስም ሰጠሽው። ነገር ግን «የተሰበረው» ወንበሩን፣ «የጠገነው» ሰውየውን ነው የሚገልጸው። «የጠገነው።» ብለሽ ብታቆሚ ሰሚው ማንን እንደምትዪ ይጠብቃል። ሁለቱም ጥገኛ ናቸው። ጥገኛው 10 ቢሆን እንኳ ራሱን የቻለው አንድ እስከሆነ ድረስ «ድርብ» የሚለው ቃል አይገባበትም።

ሁለት ቋንቋ

እኔን ያደናገረኝ ትምህርቱን መጀመሪያ በእንግሊዝኛ መማሬ ነው። እዚያ አያያዡ ለብቻው የቆመ ቃል ስለሆነ በእርሳስ አክብበህ ትሄዳለህ። በአማርኛ ግን ግሱ ሆድ ውስጥ ይደበቃል። «ሲመጣ»፣ «ከመጣ»፣ «ቢመጣ»፣ «እንደሚመጣ»፣ «እስኪመጣ»፣ «የመጣ»… ሁሉም አንድ ቃል ናቸው። ቃል ለቃል እያነበብኩ አያያዥ ስፈልግ ሳላየው አልፈው ነበር። አሁን ጥገኛ ግስ ሳገኝ የፊቱን ፊደል በእርሳስ ከግሱ እለየዋለሁ፤ «ስ / ይመጣ» እያልኩ።

ቆጣሪው

@ቀይ እስክሪብቶ መምህር፣ የ«ና»ውን ተቀብያለሁ። 1ኛውን ግን አልለቅም። «አጥፍቶ» ላይ የፊት ፊደል የለም፤ የተደበቀ አያያዥ የለም። ትርጉሙ ደግሞ ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ አጠፋ፣ ከዚያ ተኛ። ሁለት እኩል ድርጊቶች ናቸው።

ቀይ እስክሪብቶ

የትርጉሙ ነገር እውነት ነው። «አጠፋና ተኛ» ብትልም የተደረገው ያው ነው። የምንቆጥረው ግን የተደረገውን ሳይሆን ግሱ የለበሰውን መልክ ነው። ሦስት ነገር ላሳይህ።

የመጀመሪያው ጊዜ ነው። «አጥፍቶ ተኛ» ትናንት የሆነ ነው። አሁን የመጨረሻውን ብቻ ለውጥ፦ «አጥፍቶ ይተኛል»። «አጥፍቶ» ምንም ሳይነካ ወደ ነገ ተሻገረ። «አጥፍተህ ተኛ» ስትል ደግሞ «አጥፍተህ» ትእዛዝ ሆነ። የራሱ ጊዜ የለውም፤ ከዋናው ግስ ይዋሳል። «አጠፋና ይተኛል» ብትል ግን ጆሮህ ይቆረቁረዋል፤ «አጠፋ» የራሱን ጊዜ ይዞ ስለቆመ አብሮ አይሄድልህም።

ሁለተኛው አሉታው ነው። «አጠፋ» በ«አላጠፋም» ይካዳል። «አጥፍቶ»ን ካደው እስቲ። «መብራቱን ሳያጠፋ ተኛ» ነው የምትለው፤ «ሳ» መጣች። የተደበቀ አያያዥ የለም ያልከው ሲካድ ብቅ አለ ማለት ነው።

ሦስተኛው ያው አራት ነጥቡ ነው። «ልጁ መብራቱን አጥፍቶ።» ብሎ ዝም ያለ ሰው ነገሩን አልጨረሰም።

ቆጣሪው

የ«ሳያጠፋ»ዋ አሸነፈችኝ። አንድ የመጨረሻ ሙከራ፦ ባለቤቶቹ ሲለያዩስ? «ዝናብ ዘንቦ መንገዱ ጨቀየ»። የዘነበው ዝናብ፣ የጨቀየው መንገድ። ሁለት ባለቤት ካለ ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ናቸው አይባልም?

ቀይ እስክሪብቶ

አይባልም። ጥገኛም የራሱ ባለቤት ይኖረዋል። «ዝናብ ስለዘነበ መንገዱ ጨቀየ» ብትል ባለቤቶቹ ሁለት ናቸው፣ ግን ውስብስብነቱን ማንም አይጠራጠርም። «ዘንቦ»ም እንደዚያው ነው። በተቃራኒው ደግሞ «መጣና ተቀመጠ» ባለቤቱ አንድ ሰው ነው፤ ሆኖም ድርብ ነው። ባለቤት መቁጠር ለዚህ ሥራ አይረዳም።

ነባር አውጪ

እኔ መልመጃ አወጣ ስለነበር ስለ 4ኛው የራሴን ገጠመኝ ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ «ደብዳቤውን ጽፎ ጨረሰ» የሚል ጥያቄ አስገብቼ መልሱን ውስብስብ አልኩት፤ «ጽፎ» ጥገኛ፣ «ጨረሰ» ዋና። አንድ ተማሪ ወረቀቱን ይዞ መጣና «ምን ጨረሰ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ደብዳቤውን» አልኩት። «ደብዳቤ ይጻፋል እንጂ እንደ ሳሙና ይጨረሳል እንዴ? የጨረሰው መጻፉን ነው» አለኝ። መልስ አጣሁ። ነጥቡን ሰጥቼው ጥያቄውን ከመልመጃው አወጣሁት።

በኋላ ሳስበው፣ መምህር ያሳዩት የአሉታ ፈተና ይህንንም ይለያል። «መብራቱን ሳያጠፋ ተኛ» ሙሉ ትርጉም አለው። «ሳይጽፍ ጨረሰ» ግን ምን ማለት ነው? «ጽፎ»ን ስታወጣው «ጨረሰ» የሚጨርሰው ነገር ያጣል። ሁለቱ ተጋግዘው አንድ ድርጊት ነው የሚናገሩት፤ «ጨረሰ» የጽሕፈቱን ማለቅ ብቻ ነው የሚነግረን። «ጠፍቶ ቀረ» የሚለውም እንዲሁ ነው። የትንሿ ተፈታኝ 4ኛ ጥያቄ ነጠላ የተባለው በዚህ መንገድ ይመስለኛል።

ቀይ እስክሪብቶ

እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። «አንብቦ ጨረሰ»ን አንድ ግስ ካልን «ሮጦ አመለጠ»ንስ? «ይዞ መጣ»ንስ? «ይዞ መጣ» በእንግሊዝኛ አንድ ግስ ነው፤ በአማርኛ ግን «ሳይዝ መጣ» ይባላል። ድንበሩ ብዥ ያለ ነው። እኔ ብሆን እንዲህ ያለ ጥያቄ ለምርጫ አላቀርብም፤ መልሱ የሚወሰነው በተማሪው እውቀት ሳይሆን በአውጪው አመለካከት ነውና። ተፈታኟ ግን ማወቅ ያለባት ድርብ የሚለው በየትኛውም ወገን መልስ እንደማይሆን ነው። ክርክሩ ነጠላ ወይስ ውስብስብ በሚለው ላይ ነው።

ትንሿ ተፈታኝ

እሺ፣ ይህ አጽናናኝ፤ ባይሆን ስሕተቴ ስሕተት መሆኑን አወቅኩ :) አሁን ሌላ ጥርጣሬ መጣብኝ። «አጥፍቶ» የሚመስለው ሁሉ ጥገኛ ከሆነ፣ «ልጁ መብራቱን አጥፍቶ ነበር» የሚለውስ? «አጥፍቶ» 1 ጥገኛ፣ «ነበር» ዋና፣ ውስብስብ?

ሁለት ቋንቋ

እሱ ነጠላ ነው። «ነበር» እዚያ ጊዜውን ብቻ ነው የምታሳየው። ከ«እየ» ጋር ብታይው ደግሞ ይበልጥ ይገባሻል። «ልጁ እያነበበ ነው» ነጠላ ነው፤ አንድ ድርጊት፣ ማንበብ። «ልጁ እያነበበ ይስቃል» ውስብስብ ነው፤ ማንበብና መሳቅ። «እያነበበ» በሁለቱም ላይ አንድ ቃል ነው፤ የሚለያየው ቀጥሎት የመጣው ነው። እኔ «ነው» ወይም «ነበር» ከግስ ጎን ተለጥፎ ሳይ ሁለቱን በአንድ መስመር አሰምርባቸዋለሁ፤ አንድ ብዬ ነው የምቆጥራቸው።

«አለ»ም እንዲሁ አታላይ ነው። «ብድግ አለ»፣ «ዝም አለ»፣ «ቁጭ አለ» ሁለት ቃል፣ አንድ ግስ። «ብድግ ብሎ ወጣ» ላይ ያለው ጥገኛ 1 ብቻ ነው፤ «ብድግ»ን ለብቻ አትቁጠሪ።

የደጅ ተማሪ

ቀደም ሲል ጥያቄውን ሳላነብ ነው የመለስኩት፣ ይቅርታ። አሁን አንድ ልጠይቅ፦ «መጽሐፍ ማንበብ ያስደስተኛል» ላይ «ማንበብ» ይቆጠራል? መጽሐፍ የሚል ተሳቢ አለው እኮ፤ እንደ ግስ ነው የሚሠራው።

ነባር አውጪ

ጥሩ ጥያቄ ነው። በመልመጃ ላይ «ማ-/መ-» የሚለውን እንደ ስም ነው የምንይዘው፤ ስለዚህ ነጠላ። ማን እንዳነበበ በቅርጹ ላይ አያሳይም፤ «አነበበ»፣ «አነበበች» እያለ አይለዋወጥም። ጠለቅ ብለው የሚያጠኑት ሰዎች ግን አንተ ባልከው ምክንያት ሐረግ ነው ብለው ይከራከራሉ። ፈተና ላይ ከሆንክ ስም በለው።

ትንሿ ተፈታኝ

አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ራሴ ልሥራና እረሙኝ።

«ዝናቡ ሲያባራ ከቤት ወጥተን ወደ ወንዙ ወረድን፤ ግን ድልድዩ ተሰብሮ ስለነበር ተመለስን።»

ከኋላ ጀመርኩ። «ተመለስን» ይቆማል፤ 1 ራሱን የቻለ። «ስለነበር» አይቆምም፤ ጥገኛ። «ተሰብሮ»ን ሌላ ጥገኛ ብዬ ልጽፍ ስል የ«አጥፍቶ ነበር» ነገር ትዝ አለኝ፤ «ተሰብሮ ስለነበር» «ተሰብሮ ነበር» ላይ «ስለ» ገብታበት ነው፣ ስለዚህ አንድ ላይ 1 ጥገኛ። «ወረድን»፦ «ወደ ወንዙ ወረድን።» ይቆማል፤ 2ኛው ራሱን የቻለ። «ወጥተን» አይቆምም፤ ሲካድም «ሳንወጣ» ይሆናል፤ 2ኛ ጥገኛ። «ሲያባራ» 3ኛ ጥገኛ። 2 ራሳቸውን የቻሉ፣ 3 ጥገኛ። ድርብ ውስብስብ?

ቀይ እስክሪብቶ

ትክክል። «ተሰብሮ ስለነበር»ን ሁለት ብለሽ ብትቆጥሪው እንኳ መልሱ አይለወጥም ነበር፤ ጥገኛው ከ3 ወደ 4 ነው የሚያድገው። ለአራቱ ስሞች ዋናው ጥያቄ ጥገኛ አለ ወይስ የለም የሚለው ነው፤ ብዛቱ አይደለም። ራሱን በቻለው ላይ ግን 1 እና 2ን መለየት ግድ ነው። ሰዓት ሲያጥርሽ ጥንቃቄሽን እዚያ ላይ አውይው።

ቆጣሪው

መምህር፣ አራት ነጥብዎን የሚያፈርስ ላምጣ? «መጣሁ ብሎ ቀረ»። «መጣሁ።» ብዬ ባቆም ይቆማል። «ቀረ።» ይቆማል። ሁለት ራሳቸውን የቻሉ፣ መሐል ላይ «ብሎ» ጥገኛ። ድርብ ውስብስብ :)

ቀይ እስክሪብቶ

ተንኮለኛ ነህ! «መጣሁ» ለብቻዋ ትቆማለች፤ ነገር ግን ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አውጥተሃት የቀረውን ደግሞ አንብበው፦ «ብሎ ቀረ»። ምን ብሎ? አፉ ባዶ ቀረ። «መጣሁ» የ«ብሎ» ተሳቢ ሆና ውስጡ ተቀምጣለች፤ «ብሎ» ደግሞ የ«ቀረ» ጥገኛ ነው። ስለዚህ ራሱን የቻለ 1 ብቻ ነው፣ ውስብስብ። ፈተናውን እንዲህ ላሻሽለው፦ ያወጣኸው መቆሙ ብቻ አይበቃም፣ የቀረውም መቆም አለበት።

ነባር አውጪ

ቀጥተኛ ንግግር በትእምርተ ጥቅስ ሲገባስ? «መጣሁ» አለኝ ሲባል፣ ጥቅሱ ውስጥ ያለውን እንደ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ቆጥረው ድርብ የሚሉ የመልስ ቁልፎች አይቻለሁ።

ቀይ እስክሪብቶ

እኔም አይቻለሁ። በእኔ ሚዛን «አለኝ» ብቻውን ስለማይቆም ውስብስብ ነው። ነገር ግን ያንን ቁልፍ ያወጣውን ሰው ፊት ለፊት ባገኘው በአንድ ጊዜ አሳምነዋለሁ አልልም።

ትንሿ ተፈታኝ

«ናና ተቀመጥ» ላይ ደርሻለሁ፤ የመጀመሪያዋ «ና» ግስ፣ ሁለተኛዋ አያያዥ። ድርብ አልኩ። መልሱንም አየሁት፦ ድርብ። የሚቀጥለው ደግሞ «ና ተቀመጥ» ይላል፣ ያለ አያያዥ። ይህኛውስ?